ጠፍጣፋው ኮብልስቶን፦ ጥልቀትን በእርምጃ የመፈለግ ታሪክ

ኮብልስቶን በተነጠፈ መንገድ ላይ ቁሙና ወደ እግራችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ፣ ውስጡ የተጠራቀመው አሸዋ፣ የወደቀች ቅጠል ሳትቀር ትታያለች። አሁን ደግሞ ቀና በሉና ሃያ ሜትር ራቅ ያለውን የመንገዱን ክፍል እዩ። መጋጠሚያው ጠፋ አይደል? የጠፋው የፊተኛው ድንጋይ ከኋላው ያለውን ክፍተት ስለጋረደው ነው። ወደ ጎን ስትንቀሳቀሱም ለዓይናችሁ የቀረበው የድንጋዩ አናት፣ ዝቅ ብሎ ካለው አሸዋ የበለጠ የሄደ ይመስላል። ይሄ የቦታ መንሸራተት ፓራላክስ ይባላል፤ አንዱ ሌላውን መጋረዱ ደግሞ ኦክሉዥን።

በኮምፒውተር ጌም ውስጥ የምታዩት የድንጋይ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ድንጋይ የለውም። እንደ ገበታ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ ላዩ ላይ ፎቶ ተለጥፏል፤ አለቀ። ታዲያ ያ ጠፍጣፋ ገጽ እንዴት ጥልቀት ያለው መሰለ? መልሱ ፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግ የሚባል ዘዴ ነው። ወደዚህ ዘዴ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ደግሞም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረች አንዲት ችግር እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። ይህ ጽሑፍ የእሷም ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ የዋህ ጥያቄ እንመልስ፦ ለምን ድንጋዮቹን በትክክል አይሠሯቸውም? የኮምፒውተር ሥዕል የሚገነባው ከጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ መቶ ድንጋይ አለ። አንዱን ድንጋይ ክብ ክብ ለማስመሰል መቶ ሦስት ማዕዘን እንጠቀም ብንል ካሬ ሜትሩ 10,000 ይወስዳል። ስድስት ሜትር ስፋትና መቶ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ 6 ሚሊዮን ሊደርስ ነው፤ ያውም ቤቱ፣ መኪናውና ሰዉ ሳይጨመር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ግራፊክስ ካርዶች ይህንን በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ መሳል አይታሰብም ነበር። ጠፍጣፋው መንገድ ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይበቃዋል።

ስለዚህ መዋሸት አስፈለገ። የመጀመሪያውን ጥሩ ውሸት ያመጣው ጄምስ ብሊን ነው፤ በ1978። ብሊን ያስተዋለው ነገር ዓይናችን ሸካራነትን በአብዛኛው የሚያውቀው በብርሃንና በጥላ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ የገጹ ነጥብ ወደየት እንደሚያይ የምትጠቁም ቀስት አለችው፤ ኮምፒውተሩ የብርሃኑን መጠን የሚያሰላው በዚህች ቀስት ነው። ብሊን ገጹን ሳይነካ ቀስቷን ብቻ አዘነበላት። ጠፍጣፋው ገጽ የተጨማደደ መስሎ ታየ። ይህ ባምፕ ማፒንግ ተባለ።

ነገር ግን ባምፕ ማፒንግ የተደረገበትን ብርቱካን ብታዩ ቆዳው ሸካራ ሆኖ ሳለ ዳሩ በኮምፓስ የተሣለ ክብ ነው። ዳሯ አልተነካችም። ያልኳችሁ ችግር ይህቺ ናት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን። ለጡብ ግድግዳ ደግሞ ሌላም ጉድለት ነበረው፦ ስትንቀሳቀሱ ጡቡና መጋጠሚያው አብረው ይሄዳሉ። ብርሃኑ ተዋሽቷል እንጂ ቦታው አልተዋሸም።

ቦታውን መዋሸት የጀመረው በ2001 ነው። ቶሞሚቺ ካኔኮና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ፓራላክስ ማፒንግ የሚል ዘዴ አቀረቡ። ከፎቶው ጎን አንድ ተጨማሪ ሥዕል ያስፈልጋል፤ የከፍታ ካርታ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ነው፦ ነጩ ከፍ ያለ ቦታ፣ ጥቁሩ ዝቅ ያለ ቦታ ማለት ነው። እያንዳንዷ ፒክስል ስትሣል የከፍታ ካርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ታነባለች፤ ከዚያ «ከፍታው ይህን ያህል ከሆነ፣ ከዚህ አቅጣጫ የሚያይ ዓይን የሚያየው እዚህ ጋ ያለውን ቀለም ሳይሆን ትንሽ ወዲያ ያለውን ነው» ብላ ቀለሙን ከተንሸራተተ ቦታ ታመጣለች።

አንድ ንባብ፣ አንድ መንሸራተት። ብልህ ነው፤ ግን ግምት ነው። መጀመሪያ ያነበበችው ከፍታ በሄደችበት ቦታም ያው ነው ብላ ታስባለች። ለስለስ ያለ አሸዋ ላይ ይሠራል፤ ከጡብ ወደ መጋጠሚያ ድንገት በሚወርድ ገጽ ላይ ግን ግምቱ ይስታል። ገጹን በጣም አጋድመን ስናየው ደግሞ መንሸራተቱ ራሱ ከልክ ያልፋል። ቁጥር እናስገባ። የድንጋዩ አናት ከመጋጠሚያው ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቀጥ ብለን ከላይ ከምናይበት መስመር 80 ዲግሪ ዘንበል ብለን ብናይ፣ የእይታችን መስመር 5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ወደ ጎን 5 × tan 80°፣ ማለትም 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ንባብ ብቻ 28 ሳንቲ ሜትር ዘልላ የምታርፍ ፒክስል ምን ላይ እንደምታርፍ አታውቅም። ውጤቱ የሚዋኝ የሚመስል መንገድ ነው።

በ2004 መጀመሪያ ቴሪ ዌልሽ ቀላል መላ አመጣ፦ መንሸራተቱን መገደብ። በእሱ ስሌት ያው 28 ሳንቲ ሜትር ከ5 በታች ይሆናል። መዋኘቱ ቀረ። የቀረው ግን ጥልቀቱን በመቀነስ ነው፤ መንገዱን አጋድማችሁ ስታዩት ተመልሶ ጠፍጣፋ ወደ መምሰል ይሄዳል። ብዙ ጌሞች ይህችን ስሌት የወደዷት በጥቂት መስመር ስለምትጻፍ ነው። እኔ ግን ችግሩን ከመፍታት ይልቅ ምንጣፍ ሥር የመደበቅ ያህል ነው የማያት።

እውነተኛው መፍትሔ አንዴ ከመዝለል በእርምጃ መሄድ ነው። ዞዪ ብራውሊና ናታልያ ታታርቹክ ፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግን በ2004 በጽሑፍ አወጡ። ታታርቹክ በግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤቲአይ ትሠራ ነበር፤ ዘዴውን ቀጥላ አሻሽላ በ2006 አቀረበችው። በዚያው ጊዜ ገደማ ፋቢዮ ፖሊካርፖ፣ ማኑኤል ኦሊቬራና ጆዋዎ ኮምባ ብራዚል ውስጥ፣ ሞርጋን ማክጓየርና ማክስ ማክጓየር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ አወጡ። ለምን ሁሉም በአንድ ሰሞን? አንዱ ምክንያት የካርዶቹ አቅም ነው። ቀደም ሲል ሼደር ሞዴል 2.0 በሚባለው ደረጃ፣ ለአንዲት ፒክስል የሚጻፈው ፕሮግራም ከ32 የቴክስቸር ንባብና ከ64 የስሌት ትእዛዝ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም ነበር። «እስክታገኝ ድረስ ፈልግ፣ ስታገኝ አቁም» ማለትም አይቻልም። ሼደር ሞዴል 3.0 ሲመጣ ይህ ተቻለ።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ከዓይን ተነስቶ ወደ መንገዱ የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አስቡ። ጠፍጣፋው ገጽ በድንጋዮቹ አናት ላይ እንደተዘረጋ መስታወት ነው፤ ዘንጉ መስታወቱን ወግቶ ወደ ታች ይገባል። በየእርምጃው ይቆምና የከፍታ ካርታውን ይጠይቃል፦ «አሁን ከድንጋዩ በላይ ነኝ ወይስ በታች?» በላይ ከሆነ ይቀጥላል። በታች ነኝ ካለ ድንጋዩን ወግቷል ማለት ነው፤ ዓይን የሚያየው እዚያ ጋ ያለውን ቀለም ነው። መጋረዱም በዚሁ ይመጣል፦ ዘንጉ የፊተኛውን ድንጋይ ከወጋ በኋላ ወደ ኋለኛው ክፍተት አይደርስም።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ስንት እርምጃ?

ስምንት እንሞክር። 5 ሳንቲ ሜትሩ ለስምንት ሲካፈል እያንዳንዱ እርምጃ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከላይ ቁልቁል፣ በ10 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብለን ካየን፣ ዘንጉ በጠቅላላ ጉዞው ወደ ጎን የሚሄደው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ እርምጃ አንድ ሚሊ ሜትር። አንድ ሜትር መንገድ በ1024 ነጥብ ከተሣለ አንዷ ነጥብ ራሷ አንድ ሚሊ ሜትር ነች። ስለዚህ ስምንት እርምጃ ይበቃል፤ 50 እርምጃ ብናደርገው ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ ማንበብ ነው።

ወደ 80 ዲግሪ ስንመጣ ግን ጉዞው 28 ሳንቲ ሜትር ነበር። ለስምንት ሲካፈል አንድ እርምጃ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይዘላል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ጫፍ በሁለት እርምጃዎች መካከል ቢወድቅ ዘንጉ ሳያየው ያልፋል፤ ጫፉ ተሸርፎ ይታያል። ያልተዘለለውም ቢሆን የሚገኘው ከስምንቱ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የድንጋዩ ጎን እንደተደራረበ ካርቶን ንብርብር ይሠራል። ይህንን ንብርብር አንድ ጊዜ ካያችሁት በየጌሙ ትለዩታላችሁ። 50 እርምጃ ሲሆን ግን ዝላዩ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ዓይንም ይረካል።

እንግዲህ ሁልጊዜ 50 እናድርግ? 1024 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ከ786,000 በላይ ፒክስል አለ። መንገዱ ግማሹን ቢይዝና ሁሉም ዘንጎች 50 ቢራመዱ፣ ለአንዲት ሥዕል 20 ሚሊዮን ያህል ንባብ ነው፤ በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል ሲሆን ወደ 600 ሚሊዮን። በዚያን ጊዜ ካርድ ላይ ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ያውም አብዛኛው ጥቅም የሌለው። ታታርቹክ ያደረገችው የእርምጃውን ቁጥር በእይታ ማዕዘኑ መወሰን ነው። በሼደር ኮድ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
int nNumSteps = (int) lerp( nMaxSamples, nMinSamples,
                            dot( vView, vNormal ) );
```

`dot` የሚሰጠው ቁጥር ከላይ ቁልቁል ስናይ ወደ 1፣ አጋድመን ስናይ ወደ 0 ይጠጋል። `lerp` በዚያ ቁጥር መሠረት በትልቁና በትንሹ መካከል ይመርጣል። ትልቁ 50፣ ትንሹ 8 ይሁን። በ10 ዲግሪ 8 እርምጃ ይወጣል፤ በ60 ዲግሪ 29፤ በ80 ዲግሪ 42። ሥራው ወደሚያስፈልግበት ቦታ ሄደ። በጣም ሩቅ ላሉ ፒክስሎች ደግሞ ፍለጋው ጭራሽ ይቀርና በብሊን መንገድ፣ በብርሃን ውሸት ብቻ ይሣላሉ። ሃያ ሜትር ርቆ መጋጠሚያው ከማይታይ መንገድ ላይ ምን ይፈለጋል?

ሁለተኛው ብልሃት ከመጨረሻው እርምጃ በኋላ የሚመጣ ነው። ስምንቱን እርምጃ እንደገና እንውሰድ። በሦስተኛው እርምጃ ዘንጉ 1.875 ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ እዚያ ያለው ድንጋይ የሚገኘው 2.5 ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ገና 0.625 ከፍ ብሏል። በአራተኛው ዘንጉ 2.5 ደረሰ፤ ድንጋዩ ግን 2.0 ላይ ነው፤ ዘንጉ በ0.5 ወደ ውስጥ ገብቷል። መልሱ በሁለቱ መካከል ነው። ከፍታው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ነው ብለን ብናስብ፣ መገናኛው 0.625 ÷ (0.625 + 0.5)፣ ማለትም ከእርምጃው 56 በመቶ ላይ ይሆናል፤ ጥልቀቱ 2.22 ሳንቲ ሜትር። ምንም ተጨማሪ ንባብ ሳይኖር ያ የካርቶን ንብርብር በእጅጉ ይለሰልሳል። የብራዚሎቹ ዘዴ እዚህ ላይ ይለያል፦ እነሱ በሁለቱ እርምጃዎች መካከል እየከፈሉ፣ እየከፈሉ ያጠብቡታል። ሁለቱም ግን የተዘለለ ጫፍን መልሰው ማግኘት አይችሉም። ለዚያ መድኃኒቱ የእርምጃው ቁጥር ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ ሁለት ቀን ሙሉ የተገለበጠ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ፦ ጡቦቹ ጎድጉደው መጋጠሚያው እንደ ቧንቧ ተወጥሮ ይወጣል። ስሌቱን ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ ትክክል ነው። ለካ የእኔ ፕሮግራም የሚጠብቀው ጥልቀትን ነው፤ ያወረድኩት ሥዕል የያዘው ደግሞ ከፍታን። ነጭና ጥቁሩን መገልበጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግድግዳችሁ እንዲህ ከሆነባችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ዘዴው ለብዙ ሰው የታየው በ2005 ነው። ኤቲአይ ሬዲዮን X1800 የተባለውን ካርዱን ለማሳየት ቶይሾፕ የሚል ትዕይንት አዘጋጀ። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፤ አንድ የመጫወቻ መሸጫ ሱቅ በራፍ ላይ መብራት ይታያል። ከሥር የኮብልስቶን መንገድ፣ ከጎን የጡብ ግድግዳ። ጥልቀታቸው ሁሉ የተሠራው በዚህ የዘንግ ፍለጋ ነው። ኮብልስቶንና ጡብ መመረጣቸው አይገርምም፦ ጥልቀታቸው ትንሽ ነው፣ ቅርጻቸው ይደጋገማል፣ አብዛኛውን ጊዜም በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው የሚገኙት። ዘዴው የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

የማይወደው ደግሞ ዳርን ነው። አሁን ወደዚያች ችግር ተመለስን።

ሲልዌት የሚባለው አንድ ነገር ከበስተጀርባው የሚለይበት የዳር መስመር ነው። የእውነት የጡብ ቤት ማዕዘን ከሰማዩ ጋር ሲታይ መስመሩ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ጡቡ ወጣ፣ መጋጠሚያው ገባ ይላል። በፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግ የተሠራው ማዕዘን ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ፊት ለፊት የሚያምር ጥልቀት ያለው ግድግዳ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ እንደ ወረቀት ታጥፎ ይታያል።

ምክንያቱ በእርምጃ ቁጥር የሚፈታ አይደለም። 50 ቀርቶ 5,000 እርምጃ ብታደርጉ አይለወጥም። የመስታወቱን ምሳሌ አስቡት፦ ዘንጉ ጉዞውን የሚጀምረው መስታወቱን ሲወጋ ነው። ግራፊክስ ካርዱ መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኖቹ የትኞቹን ፒክስሎች እንደሚሸፍኑ ይወስናል፤ ፍለጋው የሚካሄደው ለእነዚያ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ክፈፍ ውጪ ላለች ፒክስል ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ ምንም ነገር ከክፈፉ ወጥቶ ሊታይ አይችልም። ብሊን በ1978 ብርሃኑን ዋሸ፣ ካኔኮ በ2001 ቦታውን፣ ታታርቹክ መጋረዱን ጨመረች፤ ሦስቱም ግን የሠሩት በክፈፉ ውስጥ ነው።

ወደ ውስጥ መቆረጥስ? እሱ በከፊል ይቻላል። ዘንጉ እየተራመደ የግድግዳው ጠርዝ ካለበት ካለፈ ምንም አልወጋም ማለት ነው፤ ያቺን ፒክስል መጣል ነው። ከኋላ ሰማዩ ይታያል፤ መጋጠሚያውም ጥርስ ያወጣል። ይህ ጠርዙ የት እንደሆነ በግልጽ ለሚታወቅ አራት ማዕዘን ገጽ ጥሩ ነው። ክብ የጡብ ዓምድ ላይ ግን አይሠራም፦ ዘንጉ ሲራመድ ገጹ ቀጥ ብሎ የሚቀጥል ይመስለዋል፤ ዓምዱ ግን እየታጠፈ ከሥሩ ይሸሻል። ኦሊቬራና ፖሊካርፖ የገጹን ጥምዘት ለፍለጋው አብሮ የሚነግር ስሌት ጨመሩ። በ2007 ደግሞ ካርስተን ዳክስባኸርና ታታርቹክ ሌላ መንገድ አሳዩ፦ በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የተሳበ ሳጥን መሥራትና ዘንጉን ከሳጥኑ ግድግዳ ማስጀመር። ክፈፉ ራሱ ስለሰፋ ሲልዌቱ ትክክል ይመጣል። ግን ሳጥኖቹ የሚሸፍኑት ፒክስል ይበዛል፤ ብዙዎቹም ፈልገው ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። ሂሳቡ ሲሠራ፣ ለመሸሽ ወደሞከርነው ወጪ መመለስ ጀመርን ማለት ነው።

በ2009 ዳይሬክትኤክስ 11 ሲወጣ ካርዱ ራሱ ሦስት ማዕዘኖችን በቦታው ሰነጣጥቆ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲገፋቸው የሚያስችል ቴሰሌሽን አመጣ። ይሄኛው ውሸት አይደለም፤ ገጹ በእርግጥ ይነሳል፣ ዳሩም አብሮ። ያም ሆኖ ፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግ አልጠፋም፤ ዳሩ በማይታይበት ቦታ ዛሬም ይሠራበታል። ጌም ሠሪዎች የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው፦ የግድግዳው መሀል በዘንግ ፍለጋ፣ ማዕዘኑ ላይ ያሉት ጥቂት ጡቦች በእውነተኛ ሦስት ማዕዘን።

መፈተሽ ከፈለጋችሁ የድንጋይ መንገድ ያለበት ጌም ክፈቱና ካሜራውን ወደ መሬት አውርዱ፤ አጋድማችሁ ስታዩ የድንጋዩ ጎን በንብርብር ከተቆረጠ እርምጃው አንሷል። ቀጥሎ ወደ አንድ የጡብ ቤት ማዕዘን ሂዱና ከሰማዩ ጋር አስተያዩት። በመጨረሻ የተጫዋቹን እግር ተመልከቱ፦ ሁለት ድንጋዮች በሚጋጠሙበት ክፍተት ላይ ስታቆሙት ጫማው ወደ ታች ገባ ይላል ወይስ በማይታይ መስታወት ላይ ቆሟል?